«ሂድ በቃ»፦ የአራት ደቂቃ ድራማ ወደ አማርኛ ስንመልስ

ሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት

ዛሬ ጀመርን። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የጓደኛዬ ኪራይ ቤት ነው። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አላቀን ማዕዘን ሠራን። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልንበት። መሀሉ ላይ ማይክ አቆምን። ስቱዲዮ ማለት ይኸው ነው። ፋኑ ግን መጥፋት አለበት፣ ማይኩ ያነሳዋል። በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ፋን አጥፍቶ መቆም ምን እንደሚመስል ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ፎጣ ያልቃል።

የምንሠራው ከአንድ የቱርክ ድራማ የወሰድነውን 3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ለልምምድ ብቻ ነው። የማሰራጨት መብት ስለሌለን የትም አንለጥፈውም። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የፖሊስ መርማሪ ማታ የአንዲት አስተማሪ ቤት ይመጣል። የሴትየዋ ወንድም ጠፍቷል። ሾርባ ትሰጠዋለች። ጨው በዝቶበታል። ይበላል። ትንሽ ያወራሉ። ስልክ ይደወልለታል። በመጨረሻ «ሂድ» ትለዋለች፣ ይሄዳል። ሽጉጥ የለ፣ ጩኸት የለ። ሆን ብዬ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ምንም ነገር ስለማይከሰት ሰዎቹን የምናውቃቸው በአነጋገራቸው ብቻ ነው።

ሦስት ነን። እኔ እተረጉማለሁ፣ ጓደኛዬ መርማሪውን ይሆናል፣ እህቱ አስተማሪዋን ትሆናለች። በእጃችን ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ይሄ የእኛ ድክመት ብቻ አይደለም። ከቱርክኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ጽሑፍ መሀል ላይ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መምጣቱ የተለመደ ነው።

ሁለት ሰዓት ውስጥ ተርጉሜ ጨረስኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ቀዳን፣ ከምስሉ ጋር ገጠምን። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። አክስቴ አለች፣ ሁለት ጎረቤቶች አሉ፣ የአክስቴ ልጅም አለች። እነዚህ ሴቶች ቀላል ተመልካች አይደሉም። ቃና በ2008 ዓ.ም ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ስንት የቱርክ ድራማ እንዳዩ ራሳቸውም አይቆጥሩትም። «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት እዚህ ቤት ስልክ የሚያነሳ አልነበረም።

ድራማው ጥሩ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። «ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ።

«ደፋር ነው» አለች አክስቴ። «ሰው ቤት ገብቶ እንደ ቤቱ ነው የሚያወራው።»

«ደረቅ» አለች አንዷ ጎረቤት። «አስቀምጣ አበላችው፣ ፊቱ አይፈታም።»

«እሷስ?» አልኩ።

«እሷ ጤና የላትም» አለች አክስቴ፣ ሲኒውን እያስቀመጠች። «ወንድሟ አልተገኘም ሲላት ትስቃለች። ደግሞ መጨረሻ ላይ በር አሳይታ አባረረችው። አበደች እንዴ?»

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። «ሾርባ ልጨምርልህ ስትለው ለምንድን ነው ከንፈሩን የመጠጠላት? ምን ሆና ነው የሚያዝንላት?»

ማታ የተቀዳውን ቱርክ አገር አምስት ዓመት ለተማረ አንድ ጓደኛችን አሳየነው። መጀመሪያ የቱርክኛውን፣ ቀጥሎ የኛን። ሁለተኛው ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ ያ ሰውዬ አይደለም» አለ። «ያኛው ዓይን አፋር ነው። በዚያ ላይ ቀልደኛ ነው። እናንተ ያመጣችሁት የሰፈር ጉልቤ ነው።»

ረቡዕ

ዛሬ ምንም አልቀዳንም። ጓደኛችን ቱርክኛውን እያዳመጠ ቃል በቃል ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ። የሴትየዋን ሳቅ መጀመሪያ ፈታነው፣ ምክንያቱም አክስቴን ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት እሱ ነው።

ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። መርማሪው የሚለው «ካርዴሺኒዚ ቡልዱክ… ሳንድክ» ነው። በቅደም ተከተሉ ሲመለስ «ወንድምዎን አገኘነው… መስሎን ነበር» ይሆናል። «ቡልዱክ» ሲል ካሜራው ሴትየዋ ላይ ነው። ፊቷ ይበራል። ለአንዲት ሰከንድ ያህል ፈገግ ትላለች። ከዚያ «ሳንድክ» ይመጣል፣ ፊቷ ይወድቃል። ተዋናይዋ የተጫወተችው ይህንን ነው። ተስፋው ቀድሞ ይመጣል፣ ቀጥሎ ይቀማል።

እንግሊዝኛው ግን «መስሎን ነበር» የሚለውን ከፊት አምጥቶታል፣ የቋንቋው ጠባይ ነው። እኔም እሱን ተከትዬ «እኛማ መስሎን ነበር፣ ወንድምሽን ያገኘነው» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛው ራሱ አንካሳ ነው። ከዚያ በላይ ግን መርዶው ፈገግታውን ቀደመው። ሴትየዋ መጥፎውን ዜና ሰምታ ፈገግ ያለች ሆነች። አክስቴ «ጤና የላትም» ብትል ምን ይፈረድባታል? ተዋናይዋ አንድ ነገር አላጠፋችም። እብድ ያደረግናት እኛ ነን፣ በሁለት ቃላት ቦታ።

የሚገርመው የአማርኛና የቱርክኛ የቃል ቅደም ተከተል ሳይነካ ይገጥም ነበር። መሀል የገባው ቋንቋ ነው ያጣመመው። ስለዚህ አሁን የምሠራበት ዘዴ ይሄ ነው፦ ድምፁን አጠፋለሁ፣ ፊቱን ብቻ አያለሁ፣ ፊቱ የተለወጠባትን ሰከንድ እጽፋለሁ። ከዚያ የእኔ ዓረፍተ ነገር ዋናው ቃል እዚያች ሰከንድ ላይ ይውደቅ አይውደቅ አያለሁ። ካልወደቀ ትርጉሙ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰውየውን ያበላሸዋል።

ሐሙስ

ሾርባው።

መርማሪው አንድ ማንኪያ ይቀምሳል። ይቆማል። ሁለት ሰከንድ ሳህኑን ያያል። ከዚያ በጣም ቁምነገረኛ በሆነ ድምፅ «ኤሊኒዜ ሳልክ» ይላል፣ ሌላ ማንኪያም ይደግማል። በእንግሊዝኛው የመጣልኝ ምስጋና ብቻ ነው። እኔም «አመሰግናለሁ» አልኩት። ማንም አልሳቀም። ሰውየው ደረቅ ሆነ።

ቃሉ ግን ምስጋና ብቻ አይደለም። ቃል በቃል «ለእጅዎ ጤና» ማለት ነው። ቱርኮች ምግብ ለሠራ ሰው የሚሉት ነው። የሰማሁ ጊዜ ራሴን ልመታ ምንም አልቀረኝ። ይሄ እኮ የኛው «እጅሽ ይባረክ» ነው! እናቴ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ነው። እዚህም በእንግሊዝኛ በኩል መጥቶ ጠፋ። እንግሊዝኛ ለምግብ አብሳይ የሚሆን የተለየ ምርቃት ስለሌለው «አመሰግናለሁ» ብሎ አለፈው። እኔ ደግሞ ያለኝን ሀብት ሳላይ የሌላውን እጦት ተረጎምኩ።

ቀልዱ የሚሠራው ምርቃቱ የታወቀ ስለሆነ ነው። ጨው የበዛበት ሾርባ ቀምሶ፣ ሁለት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ «እጅዎ ይባረክ» ማለት ያስቃል። «አመሰግናለሁ» ማለት አያስቅም። ያው ሰው፣ ያው ፊት፣ ያው ዝምታ። በአንዱ ቃል ቀልደኛ ነው፣ በሌላው ግንባሩ የማይፈታ ፖሊስ።

እንደዚህ ዓይነት ሌላም አለ። ሲገባ ሴትየዋ የተማሪ ደብተር እያረመች ነው። «ኮላይ ጌልሲን» ይላታል፣ ሥራው ይቅለልዎ እንደማለት። እንግሊዝኛው በተራ ሰላምታ አለፈው። እኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስናይ «በርቱ» እንል የለም? አስገባሁት። ሰውየው ገና ከበሩ ሰው ሆነ።

የከንፈር ነገር። «ኤሊኒዜ ሳልክ» ውስጥ ከንፈር የሚዘጋ ድምፅ አንድም የለም። «ይባረክ» ውስጥ ግን «ባ» አለ። በ፣ መ እና ጰ ሲመጡ አፍ መዘጋት አለበት፣ ተመልካች የሚይዝህ እዚያ ላይ ነው። ሌላው ፊደል በአብዛኛው ይታለፋል። በቅርብ ምስል ቢሆን ኖሮ ያጋልጠኝ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሰውየው ማንኪያውን ወደ አፉ እያነሳ ነው፣ ከንፈሩ በከፊል ተሸፍኗል። ርዝመቱም ገጠመ። ደግሞስ «አመሰግናለሁ» ውስጥም «መ» አለች። እሷን ስጽፍ ግን ለከንፈር አልተጨነቅሁም ነበር።

ስለ ማዕረግም አንድ ነገር። የበታቾቹ ስልክ ላይ «ኮሚሴሪም» ይሉታል። እኔ «ኮሚሽነር» ብዬ ነበር፣ ቃሉ ስለሚመስል። ቱርክ ውስጥ «ኮሚሴር» ቡድን ይዞ መንገድ ላይ የሚሠራ መካከለኛ መኮንን ነው። እኛ ጋ ኮሚሽነር ማለት ቁንጮው ነው። ኮሚሽነር ማታ ብቻውን የሰው ቤት መጥቶ ሾርባ ሲጠጣ ነገሩ ሌላ ይመስላል። አክስቴ «ደፋር» ያለችው አንድም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ኢንስፔክተር» አደረግሁት። ወዲያው ቀለለ።

ዓርብ

የመጠጠው ከንፈር።

ሴትየዋ ሾርባ ትጨምርለት እንደሆነ ስትጠይቀው መርማሪው ቅንድቡን ወደ ላይ ያነሳል፣ በምላሱ አንዴ «ጭ» ያደርጋል። ቱርክ አገር ይሄ «አይ» ማለት ነው። ቃል አያስፈልገውም። ዘና ያለ፣ ቤተኛ የሆነ እምቢታ ነው። የዓይን አፋሩ ሰውዬ ትንሽ መላመዱን የሚያሳየው ይሄ ድምፅ ነው።

እኛ ጋ በአፍ እንደዚያ ሲደረግ ሐዘኔታ ነው። ለቅሶ ቤት ነው የሚሰማው። የድምፁን ማጀቢያ ስንሠራ ያንን ድምፅ «ድምፅ ብቻ ነው፣ ትርጉም አያስፈልገውም» ብዬ እንዳለ ተውኩት። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ልክ ናት። ሰውየው ሾርባ አልፈልግም ሳይሆን ምስኪን አላት።

ቃል ያልሆነ ድምፅ ይተረጎማል፣ ይሄን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሳቅም ማቃሰትም እንደዚሁ። የኛ «አዎ» ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ የሚባለውን ብታስቡት ይገባችኋል። ለውጭ ሰው የደነገጠ ይመስለዋል። እኛ እየተስማማን ነው።

የቴክኒክ ጣጣም አለው። በሥርዓት የሚሠራ ዱቢንግ ላይ ንግግሩ የወጣለት፣ ሙዚቃና የዕቃ ድምፅ ብቻ የያዘ ትራክ ይላካል። እኛ ያ የለንም። የተዋናዩን ድምፅ ስናጠፋ ማንኪያውም፣ ወንበሩም፣ ትንፋሹም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ የቀዳነው ንግግር ሳይሆን ማንኪያ ነው። የእናቴን ሸክላ ሳህን ተዋስኩ። አሥራ ሦስት ጊዜ ማንኪያ ቀዳን። ለ«ጭ» ደግሞ ጓደኛዬ አፉን ሳይከፍት «እንእ» አለ፣ በአፍንጫው፣ ትንሽ ፈገግ ብሎ። ቅንድቡ ወደ ላይ ሲነሳ ገጠመ። ቅንድቡን መለወጥ አንችልም፣ ግን ከ«እንእ» ጋር ሲሆን «ኧረ በቃኝ» ይመስላል።

ስልኩ ላይ ያለችውንም አንድ መስመር አስተካከልኩ። «አየኸው?» ብዬ ነበር። ቱርክኛ ወንድና ሴት በተውላጠ ስም አይለይም፣ በግስም አይለይም። በኋላ ክፍል ላይ የደወለችው ሴት መሆኗ ይታወቃል። እኔ በአንድ ቃል የደራሲውን ምስጢር ዘግቼ ነበር። «የታየ ነገር አለ?» አልኩት፣ አለፈ።

ቅዳሜ

አሁን ዋናው። ሦስት ቀን ስሸሸው የነበረ ነው።

ቱርክኛ ሁለት «አንተ» አለው። «ሴን» ለቅርብ ሰው ነው፣ «ሲዝ» ለማታውቀው ወይም ለምታከብረው። በዚህ ትዕይንት ሁለቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ሲዝ» ይባባላሉ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ብቻ ሴትየዋ «ሴን ጊት አርትክ» ትለዋለች። «አንተ ሂድ በቃ» እንደማለት ነው። ጓደኛችን እንደነገረኝ ቱርክ የሆነ ሰው እዚያ ላይ ወንበሩ ላይ ይስተካከላል። እያባረረችው አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው። ቀረበችው። ለዚህ ነው ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ የሚያያት።

በእንግሊዝኛ «አንተ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። እኔ ሁሉንም «አንተ» እና «አንቺ» አልኩት። በዚያ ላይ «ሂድ በቃ» ሲመጣ ምን ይሆናል? ማባረር ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፣ እርስዎ አለን አይደል? ሙሉውን ወደ «እርስዎ» ቀየርኩ። ጓደኛዬ ማይኩ ፊት ቆመ፣ አነበበ። እህቱ ከኋላ ፍርፍር አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበዛም። ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ይላል፣ ሽማግሌውም አይቀየምም። ከመሀል አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቆይቶ ይለምደዋል፣ ሲመለስ እዚያ ይጣላበታል። ሐረርም ያው ነው። እንግዲህ እዚህ ያደገ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ «እርስዎ» ሲል ወይ እያሾፈ ነው ወይ ሊጣላ ነው። ጓደኛዬ አክብሮ ለመናገር በጣረ ቁጥር መርማሪው እያላገጠባት ይመስላል። «አቦ፣ አፌ አይለውም» አለ በመጨረሻ።

የእሱን አፍ ትተን ተመልካቹን እናስብ ብለን ለአክስቴ ወሰድነው። «ፍርድ ቤት ናቸው እንዴ?» አለች። «ሁለት ወጣቶች አይደሉም? ምነው እንደ ዳኛና ተከሳሽ?» አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ በስልክ ሰምቶ ደግሞ ምንም አልመሰለውም። ፖሊስ የማያውቃትን ሴት እርስዎ ቢላት ደግ ነው አለ። ያው ድምፅ፣ ያው ጽሑፍ። አንዱ ጋ ጨዋ ነው፣ አንዱ ጋ ቀዝቃዛ።

ግማሽ ግማሽ ሞከርን። እሷ እርስዎ ትበለው፣ እሱ አንቺ ይበላት። አለቃና ሠራተኛ ሆኑ። ገለበጥነው። እሷ ኩሩ እመቤት ሆነች፣ እሱ ተላላኪ። ሁለቱንም ጣልን።

እሑድ

ጠዋት ቀፊራ ገበያ ስሄድ መፍትሔው አንዲት ሻጭ አፍ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ቲማቲም እየመዘነችልኝ «ይጨመር?» አለችኝ። አንተም አላለችኝ፣ እርስዎም አላለችኝ።

አማርኛ ሰውየውን ሳይጠራ መናገር ይችላል። ለማታውቀው ሰው አንተ ማለት ሲከብድህ፣ እርስዎ ማለት ሲበዛብህ፣ ግሱን ወደ ነገሩ ትመልሰዋለህ። በየቀኑ እናደርገዋለን፣ ልብ አንለውም። ቤት ገብቼ ጽሑፉን በሙሉ እንደዚያ አደረግሁት። «ተጨማሪ ትፈልጋለህ?» የነበረው «ትንሽ ይጨመር?» ሆነ። «ብቻሽን ነው የምትኖሪው?» የነበረው «እዚህ ቤት ሌላ ሰው የለም?» ሆነ። «ለምን አልደወልሽም?» የነበረው «ስልክ ተደውሎ ቢሆን ጥሩ ነበር» ሆነ። ይሄኛው እንዲያውም ከዋናው በላይ ዓይን አፋር ሆነብኝ፣ ሰውየው ሊወቅሳት አልደፈረም።

አጥብቀው የሚሸሹት ነገር እንዳለ ይሰማል። ሁለቱም እንዴት እንደሚጠራሩ ያላወቁ ሰዎች ሆኑ። «ሲዝ» የሠራው ርቀት ይኸው መጣ፣ ያለ እርስዎ።

ሦስት ቦታ ግን እርስዎን እንዳለ አቆየሁት። ሲገባ «ይግቡ» ስትለው፣ ከዚያ «እጅዎ ይባረክ»፣ ከዚያ «ወንድምዎን አገኘነው… መስሎን ነበር»። ተመልካቹ የት እንደቆሙ እንዲያውቅ ሦስት ምልክት ይበቃዋል። ደግሞ የጓደኛዬ «እርስዎ» ሹፈት የሚመስለው ጠባዩ ሾርባው ላይ ጠቀመን። እዚያ ላይ ትንሽ ሹፈት ነው የሚፈለገው።

የማይሠራበትም አለ። ረጅም ንግግር እንዲህ እየተሸሸ አይዘለቅም። ከአራት ደቂቃ በላይ ቢሆን ቢሮክራት የጻፈው ደብዳቤ ይመስል ነበር። ለሃምሳ ክፍል ድራማ ይሄን መንገድ አልመርጥም።

ሰኞ፣ ሌሊት

ቀረጻ። ባጃጁ እስኪቀንስ ጠበቅን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ።

ጽሑፉ ተስተካክሎ ሰውየው አሁንም ጉልቤ ነው። ግራ ገባን። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ችግሩ ድምፁ ነው። ጓደኛዬ ማይኩን ሊውጠው ደርሷል፣ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። የኛ ዓይነት ከፊት ብቻ የሚያነሳ ማይክ ሲቀርቡት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ለሬዲዮ ትረካ ያምራል። ዓይን አፋር ሰው ግን ደረቱ ውስጥ አያወራም። ወደ ሁለት ስንዝር አራቅሁት፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ እንዲናገር፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ግን እንዳይውጥ ነገርኩት። ስንርቅ የክፍሉ ድምፅ ስለሚገባ አንድ ብርድ ልብስ ጨመርን። የእናቴ ነው፣ እስካሁን አልጠየቀችም።

በስምንተኛው ሙከራ «እጅዎ ይባረክ» መጣ። ከሁለት ሰከንድ ዝምታ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ እያመነታ። እህቱ ብርድ ልብሱ ውስጥ አፏን ይዛ ስቃ ቀረጻውን አበላሸችው። ዘጠነኛውን ወሰድን።

«ሂድ በቃ» የሚለውን አራት ዓይነት አስባልኳት። ቆጣ ብላ፣ አዝና፣ ደክሟት፣ በመጨረሻ ደግሞ ለወንድሟ እንደምትለው። የወሰድነው የመጨረሻውን ነው። «መሽቷል» የምትል ቃል ጨመርኩበት። ቱርክኛው ላይ የለችም። አፏ ትንሽ ቆይቶ ስለሚዘጋ ቦታ ነበረኝ፣ እሷም «መ» ስላላት ከንፈሯ ሲገጥም ገጠመች። ጓደኛችን «ጨመርክ እኮ» አለኝ። ጨመርኩ። ያለሷ «ሂድ በቃ» ብቻውን ለጆሮዬ አሁንም በር ያሳያል።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

አክስቴ ቤት፣ ቡና። ያው ሰዎች። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ሰውዬ ስለሰሙ ፍርዳቸው ንጹሕ አይደለም፣ ግን ሌላ ሰው የለኝም።

ሾርባው ላይ ጎረቤቷ ሳቀች። «ጨው አብዝታለታለች» አለች። ጨው ስለመብዛቱ ማንም አንድ ቃል አይናገርም። መጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጊዜ አላወቀችም ነበር።

«አገኘነው…» ሲል አክስቴ «ተመስገን» ልትል አፏን ከፈተች። «መስሎን ነበር» ሲል ዘጋችው።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ሴትየዋ ሳህኑን አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታው «ሂድ በቃ፣ መሽቷል» አለች። እሱ በሩ ላይ ቆመ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ሲኒዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ኧረ! ይቺ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ያለችው?»